ክሎን፣ ሂል፣ ፓች ወይስ ጄነሬቲቭ? ከሚጠፋው ነገር ጀርባ ያለውን ገጽ አይቶ መሣሪያ ስለመምረጥ

ውድ ታዳሚዎች፣ ከፎቶ ላይ የማይፈለግ ነገር ለማንሳት ስንቀመጥ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በሚጠፋው ነገር ላይ ነው። ምሰሶ ነው፣ ሽቦ ነው፣ ሰው ነው እንላለን። መሣሪያውን የሚመርጥልን ግን እሱ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ምሰሶው ሲነሣ በቦታው ምን መታየት አለበት የሚለው ነው። አንድ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች አራት ዓይነት ጀርባ ሊኖረው ይችላል። ያኔ ሥራው አንድ ሳይሆን አራት ይሆናል፤ አራቱም በአንድ መሣሪያ አይወጡም።

ዛሬ አንድ ፎቶ ብቻ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው። በመሐሉ 120 ፒክስል ያህል ስፋት ያለው ምሰሶ ቆሟል። ከላይ ጀርባው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ዝቅ ሲል የቤት ጣሪያ ጠርዝን ያቋርጣል። ከዚያ የጡብ ግድግዳ አለ፤ በግድግዳው ላይ ያለውን መስኮት ምሰሶው ከግራ በኩል በከፊል ሸፍኖታል። ከታች ደግሞ ሣር አለ፤ ሣሩ ወደ ካሜራው በቀረበ መጠን ከፎከስ ይወጣል። ፀሐይዋ ከቀኝ ናት፤ ስለዚህ የምሰሶው ጥላ በሣሩ ላይ ወደ ግራ ተዘርግቷል። ስሞቹን በፎቶሾፕ እጠራለሁ፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው፣ የሚሠሩበት መርህም ይመሳሰላል።

መሣሪያዎቹ ከውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ሳናውቅ መምረጥ ስለማይቻል ከዚያ እንጀምር። ክሎን ስታምፕ ከመነሻ ነጥቡ ያለውን ፒክስል እንዳለ ይቀዳል። ቀለሙን፣ ብርሃኑን፣ ዝርዝሩን ሳይነካ ያመጣዋል፤ ከአዲሱ ቦታ ጋር ይስማማ አይስማማ አይጠይቅም። ሂሊንግ ብራሽ ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። ዝርዝሩን፣ ማለትም ትንንሹን ውጣ ውረድና ኖይዙን፣ ከመነሻው ይወስዳል። ቀለሙንና ብርሃኑን ግን የሚያገኘው እኛ ከቀባነው ቦታ ዙሪያ፣ ከዳርቻው ነው። ዳርቻው ላይ ያለውን ቀለም ወደ ውስጥ እያለዘበ ያሰራጨዋል። ፓች ቱል በ`Normal` ሁነታ ይህንኑ ይሠራል፤ ልዩነቱ በብራሽ ፋንታ በሴሌክሽን መሥራቱ ነው። በ`Content-Aware` ሁነታ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ከመረጥንለት ቦታ ትንንሽ ቁራጮችን እየወሰደ ከዳርቻው ጋር እስኪገጥሙ ያስተካክላል። ሂሊንግ ብራሽና ፓች እ.ኤ.አ. በ2002 ከፎቶሾፕ 7.0 ጋር መጡ። Content-Aware Fill በ2010 ከCS5 ጋር ተከተለ። ጄነሬቲቭ ፊል ደግሞ በ2023 መጣ። እስከ 2010 የመጡት ሁሉ በፎቶው ውስጥ ያለውን ያዛውራሉ፤ የመጨረሻው ግን በፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር ይፈጥራል።

ሂል ብርሃኑን ከዳርቻ ይወስዳል ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ። ሂል የሚያማምረውም የሚያበላሸውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ዳርቻው ንጹሕ ከሆነ ውጤቱ ንጹሕ ነው። በዳርቻው ላይ የምሰሶው ጥቁረት ጥቂት ከተረፈ ግን ያ ጥቁረት እንደ ትክክለኛ ቀለም ተቆጥሮ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ያን ጊዜ በሰማዩ ላይ ጭጋግ የመሰለ ጠቋር ጅራት ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ መሣሪያው ደካማ ነው ብሎ ይተወዋል፤ ስህተቱ ግን የሴሌክሽኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ባዶ ሌየር እንከፍታለን፤ በክሎንና በሂል ላይ `Sample` የሚለውን `Current & Below` እናደርጋለን። ለሰማዩ፣ ለጣሪያው፣ ለግድግዳውና ለሣሩ የየራሳቸውን ሌየር መስጠት ይሻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ሳይነኩ ማጥፋት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ይታወስ፦ ፓች በ`Normal` ሁነታ በባዶ ሌየር ላይ አይሠራም። እሱን ለመጠቀም የምስሉን ቅጂ ሌየር ማውጣት ያስፈልጋል። በ`Content-Aware` ሁነታ `Sample All Layers` ምልክት ከተደረገበት ግን ባዶ ሌየር ላይም ይሠራል።

የመጀመሪያው ሥራ ሰማዩ አይደለም፤ የጣሪያው ጠርዝ ነው። ምክንያቱም ጠቆር ያለው ጣሪያና ደማቁ ሰማይ የሚገናኙት እዚያ ነው። ሂልን እዚያ ብንነካው ከሰማዩ በኩል ብርሃን፣ ከጣሪያው በኩል ጥቁረት ወስዶ ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል፤ ጠርዙም ይደበዝዛል። እዚህ የሚያዋጣው ክሎን ነው። ከምሰሶው ጎን፣ ልክ በጣሪያው መስመር ላይ `Alt` ይዘን መነሻ ነጥብ እንወስዳለን። ከዚያ የብራሹን መሐል ምሰሶው በሸፈነው የመስመሩ ቦታ ላይ እናሳርፋለን። ብራሹ ውስጥ የሚታየው ቅድመ እይታ መስመሩ ከመስመሩ ጋር ገጥሞ እንደሆነ ይነግረናል። ካልገጠመ አንድም ፒክስል አይቀባ።

የብራሹ `Hardness` ስንት ይሁን ለሚለው መልሱ ፎቶው ውስጥ አለ። የጣሪያው ጠርዝ በ200% ሲታይ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚያልፈው በሁለት ወይም በሦስት ፒክስል ከሆነ ጠርዙ ስል ነውና ብራሹም ከ80% በላይ ይሁን። ጠርዙ ከፎከስ ወጥቶ ሰፋ ብሎ ከደበዘዘ ብራሹም ይለስልስ። ጣሪያው ዘንበል ያለ ሆኖ በምሰሶው ግራና ቀኝ ያለው ማዕዘን ጥቂት ከተለያየ፣ በ`Clone Source` ፓነል የመነሻውን ማዕዘን በአንድ ወይም በግማሽ ዲግሪ ማዞር ይቻላል። ጠርዙን ስንሠራ ወደ ሰማዩም ወደ ግድግዳውም አንድ መቶ ፒክስል ያህል እንለፍ። ይህ ንጹሕ ቀበቶ ቀጥሎ የሚመጣው ሂል ጣሪያውን እንዳይነካ ያግደዋል።

አሁን ሰማዩ። ሰማይ አንድ ወጥ ሰማያዊ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ይፈካል፣ ወደ ፀሐይዋም ይፈካል። ክሎን የቀዳውን ብርሃን እንዳለ ስለሚያመጣ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው የብርሃን ልዩነት ትንሽም ቢሆን እንደ ጥገና ምልክት ይቀራል። እንዲህ ያለ ገጽ፣ ሥርዓት ያለው መስመር የሌለውና ብርሃኑ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ፣ የሂልና የፓች ርስት ነው። ምሰሶውን በሴሌክሽን ስንከብ ከጠርዙ ከ10 እስከ 15 ፒክስል ወደ ውጭ እንውጣ። ሌንሱና የካሜራው ሹልነት ማስተካከያ በጨለማ ነገር ዙሪያ ቀጭን የብርሃን ወይም የቀለም ጥብጣብ ይተዋሉና ሴሌክሽኑ ያንን ጥብጣብም መዋጥ አለበት። ከዚያ በፓች ወደ ጎን፣ በዚያው ከፍታ ወዳለ ሰማይ እንጎትታለን። ረጅሙን ምሰሶ በአንድ ጊዜ ከመያዝ በሦስት ወይም በአራት ቁራጭ መሥራት ይመረጣል። የታችኛው ቁራጭ ቀደም ብለን ከሠራነው ንጹሕ ቀበቶ ላይ ይቁም፤ ወደ ጣሪያው አይድረስ።

ሰማይ ላይ ሌላም ችግር አለ። ፋይሉ 8 ቢት ሆኖ ደጋግመን ስንለጥፍበት የቀለሙ ሽግግር በደረጃ ይሰበርና ቀለበት የመሰሉ መስመሮች ይወጣሉ። ከRAW የሚነሣ ሰው ፋይሉን ከመጀመሪያው በ16 ቢት ቢከፍተው ይሻላል።

ግድግዳው ላይ ስንደርስ ደንቡ ይገለበጣል። ጡብ ሥርዓት አለው፤ ረድፍ አለው፤ በጡቦቹ መካከል ያለው የሲሚንቶ መስመር በእኩል ርቀት ይደጋገማል። ሂል ይህን ሥርዓት አያውቅም። ፓችም በ`Content-Aware` ሁነታ አንዳንዴ ይገጥምለታል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱን ጡብ ከሌሎቹ አጭር አድርጎ ይተወዋል። ዓይን ደግሞ በተደጋጋሚ መስመር ላይ የሦስት ፒክስል መዛነፍን ወዲያው ይይዛል። ስለዚህ እዚህ ክሎን ይግባ፤ የመነሻ ነጥቡም ጡቡ መሐል ሳይሆን የቆመውና የተኛው የሲሚንቶ መስመር በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ይወሰድ። የምናሳርፈውም በተመሳሳይ ማዕዘን ላይ ነው። ያ ማዕዘን በምሰሶው ከተሸፈነ፣ የተኛውን መስመር ከግራና ከቀኝ አይተን፣ የጡቡን ርዝመት ለክተን ቦታውን እናገኘዋለን። ጡቦቹ በየረድፉ ግማሽ ጡብ እየተንሸራተቱ የተሠሩ ከሆነ መነሻውን ከላይ ወይም ከታች ስንወስድ ሁለት ረድፍ መዝለል አለብን፤ አንድ ረድፍ ብቻ ብንዘልል የቆመው መስመር በጡቡ ወገብ ላይ ያርፋል። ከጎን ስንወስድ ግን በዚያው ረድፍ አንድ ሙሉ ጡብ መንሸራተት ይበቃል።

ግድግዳው ከካሜራው ጋር ትይዩ ካልሆነ ጡቡ እየራቀ ሲሄድ ያንሳል። ለምሳሌ መነሻ ባደረግንበት ቦታ ከመስመር እስከ መስመር ያለው ቁመት 84 ፒክስል፣ ምሰሶው ባለበት ደግሞ 80 ፒክስል ቢሆን፣ 80ን ለ84 ስናካፍል 95.2% ይመጣል። ይህንን ቁጥር በ`Clone Source` ፓነል `W` እና `H` ላይ እንጽፋለን። ልዩነቱ ከዚህ በጣም ከሰፋና ረድፎቹ በግልጽ ወደ አንድ ነጥብ የሚጠጉ ከሆነ ግን የ`Vanishing Point` ፊልተር ይሻላል፤ የግድግዳውን አራት ማዕዘን ከጡቦቹ ረድፍ ጋር ገጥመን ከሣልንለት በውስጡ ያለው ስታምፕ ሲቀዳ መጠኑን ራሱ ያስተካክላል።

ክሎን የብርሃን ልዩነትን አያርምም ብለናል። ፀሐይዋ ከቀኝ ስለሆነች ግድግዳው ወደ ቀኝ ይፈካል። የምሰሶውን ቦታ በሙሉ ከግራ ብንሸፍነው በቀኙ ዳር ቀጥ ያለ የብርሃን ስንጥቅ ይወጣል። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው የቦታውን ግራ ግማሽ ከግራ፣ ቀኝ ግማሹን ከቀኝ ቀድቶ መገናኛውን በሲሚንቶው መስመር ላይ ማድረግ ነው። ጡቦች በተፈጥሯቸው ቀለማቸው ስለሚለያይ በመስመሩ ላይ የሚያርፍ ለውጥ ማንም አያየውም። ሁለተኛው ሁሉንም ከአንድ ወገን ቀድቶ በዚያ ሌየር ላይ ብቻ የሚሠራ `Curves` ማኖርና ማስኩን በግራዲየንት መቀባት ነው። ቦታው እንዲህ እንደኛው 120 ፒክስል ሲሆን የመጀመሪያው ይበቃል፤ ሰፊ ሲሆን ሁለተኛው የግድ ነው።

ሣሩ ከሁለቱም የተለየ ነው። ዝርዝሩ ብዙ ነው ግን ሥርዓት የለውም። ለስላሳ ብራሽ ተጠቅሞ ክሎን ማድረግ እዚህ ላይ የሚፈጥረውን ችግር በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ለስላሳው የብራሽ ዳር የተቀዳውን ሣርና ነባሩን ሣር ይደባልቃል። ሁለት የማይገናኙ ዝርዝሮች እኩል በእኩል ሲደባለቁ የዝርዝሩ ንፅፅር ወደ 71% ገደማ ይወርዳል፤ ጨለማው ከብርሃኑ ላይ እያረፈ እርስ በርስ ይጣፋሉና። ውጤቱ በጥገናው ዙሪያ የሚሄድ የደበዘዘ ቀበቶ ነው። ስለዚህ `Hardness` ከ50% በታች አይውረድ፤ ጠርዙ ሸካራ የሆነ የብራሽ ዓይነት ካለ ደግሞ ከክብ ብራሽ ይበልጣል።

ከዚህ የሚቀለው ግን ፓች በ`Content-Aware` ሁነታ ነው። `Structure` ከ1 እስከ 7፣ `Color` ከ0 እስከ 10 ይሄዳሉ። ለሣር `Structure`ን 4 ወይም 5፣ `Color`ን 2 ወይም 3 አድርጎ መጀመር ያዋጣል። `Structure` ሲጨምር የመነሻው ቅርጽ ሳይሰበር ይመጣል፤ ሲቀንስ ይሰባበርና ይደባለቃል። በምትኩ `Content-Aware Fill` የሚጠቀም ሰው፣ ናሙና ከሚወሰድበት ባለቀለም ቦታ ላይ ግድግዳውን በብራሹ ይደምስሰው፤ አለበለዚያ ሣሩ መሐል የጡብ ስባሪ ይበቅላል።

ለሣሩ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፦ መነሻው ሁልጊዜ ወደ ጎን ይሁን፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይሁን። መሬቱ ወደ እኛ በቀረበ ቁጥር ከፎከስ እየወጣ ነው ብለናል። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ሣር ወደ ታች ብናመጣው ዙሪያው ደብዝዞ እሱ ብቻ ስል ይሆናል። ሂልም ይህን አያርምም፤ ሂል የሚያስተካክለው ቀለምና ብርሃን ነው፣ ጥራትን አይደለም።

ከዚያ ጥላው አለ። ቀጭን ከሆነ እንደ ምሰሶው በፓች ይነሣል። ሰፊ ጥላ ግን እውነተኛ ሣር ከሥሩ ስላለ መጣል አያስፈልገውም፤ ጥላውን በማስክ ይዞ በ`Curves` ማፍካት ይቻላል። በጥላ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን ከሰማይ የሚመጣ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ስለዚህ ሲፈካ ቀዩን ቻነል ትንሽ ከፍ፣ ሰማያዊውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። የጥላው ዳር ላይ የሚቀረውን ቀጭን መስመር በመጨረሻ በሂል ማለፍ ነው።

የቀረን መስኮቱ ነው። ምሰሶው የመስኮቱን ግራ ማዕዘን፣ የክፈፉን አንድ ጎንና የመስታወቱን ጥቂት ሸፍኗል። እዚህ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ከበፊቶቹ የተለየ ነው፦ የተሸፈነው ነገር በፎቶው ውስጥ ሌላ ቦታ አለ ወይ? በዚያው ግድግዳ ላይ ሌላ ተመሳሳይ መስኮት ቢኖር ክሎን ሥራውን ይጨርሰው ነበር። አንድ መስኮት ብቻ ሲሆን ብዙዎች የቀኙን ጎን ገልብጠው ወደ ግራ ያመጡታል። `Clone Source` ይህን ይፈቅዳል፤ ክፈፉም ይገጥማል። ብርሃኑ ግን አይገጥምም። ፀሐይዋ ከቀኝ ስለሆነች የቀኙ የመስኮት ጉንጭ ጥላውን በመስታወቱ ላይ ይጥላል፤ የግራው ጉንጭ ደግሞ ብርሃን ይመታዋል። ሲገለበጥ በሁለቱም ጎን ጥላ ያለበት መስኮት እናገኛለን። ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገርም አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ይሰማዋል።

ጄነሬቲቭ ፊል ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ግን በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይሁን። ምሰሶው ከመስኮቱ በላይና በታች ገና ሳይነሣ መስኮቱን ብቻ ሴሌክት አድርገን ብንጠይቅ፣ መሣሪያው ከላይ የሚወርድና ከታች የሚቀጥል ምሰሶ ያይና መሐሉን በሌላ ምሰሶ ይሞላዋል። ጥላ ሳይነሣ ሲቀርም እንዲሁ ነው፤ ለጥላው ባለቤት ይፈጥርለታል። ግድግዳውና ሣሩ ካለቁ በኋላ ግን በዙሪያው የሚያየው ግድግዳና መስኮት ብቻ ስለሆነ የሚሳሳትበት ምክንያት ይቀንሳል። ሴሌክሽኑ ምሰሶውን ከ10 እስከ 20 ፒክስል ትርፍ ጋር ይያዝ፤ የጽሑፍ ሣጥኑ ባዶ ይተው። ከሚመጡት አማራጮች የምንመርጠው ክፈፉ ቀጥ ያለበትንና ማዕዘኑ ከላይኛው መስመር ጋር የገጠመበትን ነው።

የተፈጠረው ቁራጭ እንዳለ አይቀመጥም። ጄነሬቲቭ ፊል መጀመሪያ ሲወጣ የሚፈጥረው 1024 በ1024 ፒክስል ብቻ ነበር፤ ከዚያ የሰፋ ሴሌክሽን ተለጥጦ ይደበዝዝ ነበር። ሞዴሎቹ ቢሻሻሉም ትንንሽ ሴሌክሽን መጠቀም አሁንም ጥሩ ልማድ ነው። ከዚህ በላይ የሚያጋልጠው ኖይዙ ነው። የተፈጠረው ክፍል ከካሜራው ምስል ይልቅ የለሰለሰ ይሆናል። በላዩ ላይ በ50% ግራጫ የተሞላ ሌየር በ`Overlay` እናኖራለን፤ ከተፈጠረው ሌየር ጋር ክሊፕ አድርገን `Add Noise` እንጨምራለን፤ በ100% እያየን ከጎኑ ካለው ጡብ ጋር እስኪመሳሰል እናስተካክላለን። ማስኩንም እናጥብበው፦ ከተፈጠረው ላይ የሚያስፈልገን ክፈፉና መስታወቱ ብቻ ነው። በዙሪያው የፈጠረውን ጡብ ሸፍነን በክሎን የሠራነውን እውነተኛ ጡብ እንመልስ።

መሣሪያው መስታወቱ ላይ የሣለው ነጸብራቅ ወይም መጋረጃ በቦታው የነበረ አይደለም፤ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ለቤት ማስታወቂያም ሆነ ለማኅደር የሚቀርብ ፎቶ ላይ ይህን መለየት የአዘጋጁ ግዴታ ነው። ለዜና ወይም ለማስረጃ የሚውል ፎቶ ከሆነ ደግሞ ምሰሶው ራሱ መነሣት የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ ከሁሉም ሌየር በላይ ጊዜያዊ `Curves` ይቀመጥ፤ መስመሩ በጣም ቁልቁለት ያለው ሆኖ እንደ ማዕበል ሁለት ሦስት ጊዜ ይውጣና ይውረድ። በተለመደው እይታ የማይታይ የብርሃን ልዩነት በዚህ ሥር ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ በሰማዩ ላይ የፓቹ ዳር ካለ ክብ ሆኖ ይታያል። ከዚያ `Curves`ን አጥፍቶ ምስሉን ወደ 25% ማሳነስ ነው። በዚህ መጠን ዝርዝሩ ይጠፋና ድግግሞሽ ይጋለጣል፦ ያንኑ ጥቁር ነጠብጣብ የያዙ ሁለት ጡቦች፣ ወይም ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተመሳሳይ የሣር ጉንጉኖች። ከሁለቱ አንዱ ላይ ብቻ፣ ከሌላ ቦታ አንድ ጡብ ወይም አንድ ጉንጉን ቀድቶ መደረብ ይበቃል።